ላፕቶፔ ላይ ሻይ ተደፋ፤ ሩዝ ውስጥ ስንት ቀን ላቆየው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ያውም ከስልክ። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ገደማ ጋቢ ተከናንቤ መመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ፣ የጋቢው ጫፍ የሻይ ብርጭቆዬን ጎትቶ ጣለው። ግማሽ ብርጭቆ ያህል ሻይ ኪቦርዱ ላይ ተደፋ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ነው። ላፕቶፑ አልጠፋም። እኔም ፋይሉን ሴቭ ላድርግ፣ እግረ መንገዴንም የጀመርኩትን አንቀጽ ልጨርስ ብዬ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየሁበት። ከዚያ በወጉ አጠፋሁት፣ በፎጣ ጠረግሁት። እህቴ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀችው። እናቴ ሩዝ አመጣች፣ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ሩዙን አፍስሰን ቀበርነው። አሁንም እዚያው ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ስንት ቀን ላቆየው?

የመልሶቹ ክር ረዘመ። ከታች ያለው የመልሶቹ ቅጂ አይደለም፤ ኋላ የመጣ ሰው ሁሉንም ከማንበብ ይገላገል ብዬ በራሴ አነጋገር የተረክሁት ነው። ቁጥሮቹን እንደነበሩ ትቻቸዋለሁ። ሰላምታ ብቻ ወይም ስድብ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። አይዞህ ብሎ ጀመረና 3 ቀን በቂ ነው አለኝ። ስልኩ አንድ ጊዜ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ገብቶበት፣ ሩዝ ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ ተነሥቷል። ልቤ መለስ አለ።

መልስ 2። ብዙ አልቆየም። ይኼኛው ላፕቶፕ በመጠገን የሚተዳደር ሰው ነው፤ ሰላምታም አላስቀደመ። አሁኑኑ ከሩዙ አውጣው አለ። ከዚያ ጥያቄ ደረደረ፦ ምንድን ነው የፈሰሰው፣ ምን ያህል ነው፣ ከፈሰሰ በኋላ ስንት ደቂቃ ሠራ፣ ባትሪውስ አሁን የት ነው? ሦስቱን መነሻው ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ሳያነብ እንደመለሰ ገባኝ። አራተኛው ግን አስደነገጠኝ።

መልስ 3። የኔ ነው። ባትሪው እዚያው ውስጥ ነው፣ ደግሞስ የት ይሄዳል ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

መልስ 4። ባለሙያው ተመለሰ፤ አሁን ቀስ ብሎ። የክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ላፕቶፕ ጠፋ ማለት ኤሌክትሪክ የለበትም ማለት አይደለም ይላል። የማብሪያውን ቁልፍ ስትነካው የሚነቃው፣ ውስጡ ነቅቶ የሚጠብቅ ክፍል ስላለ ነው። ያ ክፍል ሌት ተቀን ከባትሪው ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። ሻዩ እዚያ አካባቢ ከደረሰ፣ ኤሌክትሪኩ በሻዩ ውስጥ አልፎ ከአንዱ የመዳብ መስመር ወደ ሌላው ይሻገራል። ሲሻገር ደግሞ መዳቡን እያሟሟ ይወስደዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው፤ ለመበላት ቀናት አይፈጅበትም። ውሃ ብቻውን ያን ያህል ጠላት አይደለም፤ ፍጹም ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ጠላቱ ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገርና ባትሪው አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ሩዙ ውስጥ ተኝቶ እየደረቀ ያለ የመሰለኝ ዕቃ፣ እዚያው እየተበላ ነበር።

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝንም ነገረኝ። ሻዩ እንደተደፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው መንቀል፤ ላፕቶፑ በኩል ያለው ጫፍ ረጥቦ ሊሆን ስለሚችል ከግድግዳው ይጀመራል። ቀጥሎ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፤ 10 ሰከንድ ያህል ይበቃል። በሜኑ ለማጥፋት ወረፋ አይጠበቅም። ፋይል ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገርም የለም፤ የጠፋ አንቀጽ እንደገና ይጻፋል። ባትሪው ከውጭ የሚወልቅ ዓይነት ከሆነ ወዲያው ማውለቅ። ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ የሆዱን ክዳን ከፍቶ የባትሪውን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ መንቀል። ይህን እስክታደርግ ድረስ ማድረቅ የሚባለው ሥራ አልተጀመረም አለኝ።

መልስ 5። ከሸዋ ሮቢት አንድ ሰው መጣ። እናንተ ደጋ ላይ ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትጨነቁት አለ። እነሱ ዘንድ ፀሐይ ላይ አንድ ቀን ከተሰጣ ያበቃል። የሱ ላፕቶፕ ላይ ውሃ ፈስሶ፣ ባትሪውን አውልቆ፣ በፀሐይና በፀጉር ማድረቂያ አድርቆት ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ። ባትሪውን አውልቆ የሚለውን እንደ ተራ ነገር ነው ያለፈው። ያዳነው ግን እሱ ይመስለኛል። የፈሰሰውም ውሃ እንጂ ስኳር ያለው ሻይ አይደለም።

መልስ 6። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። የጻፈችው ደብረ ሲና ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። የፀጉር ማድረቂያ የእንጀራዬ ዕቃ ነው፣ እኔን ስሙኝ አለች። አፉ ላይ እጅህን ብታደርግ ሰከንዶች አትቆይም፤ ላስቲክም አይችለውም። እሷ ራሷ የደንበኛ መመዝገቢያ ላፕቶፗን ስታሞቅ ሁለት ቁልፎች እንደ ቆሎ ተጣመው ቀርተዋል። ሌላው ደግሞ ነፋሱ ነው። ውሃውን አያጠፋውም፤ ይገፋዋል። ላይ የነበረውን ጠብታ ወደ ታች፣ ወደ ማዘርቦርዱ ይነዳዋል። ከዚያ አንድ ምሳሌ ጨመረች። ሹሩባ የተሠራ ፀጉር በማድረቂያ ላዩን ቢደርቅ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ያድራል። ደንበኛዋ በማግሥቱ ራሴን አመመኝ ብላ የምትመጣው ለዚህ ነው ባይ ናት። እዚህ ላይ ወደ ራስ ምታት ገባችና አንድ ሰው ወደ ርዕሱ መለሳት።

መልስ 7። ባለሙያው ከሹሩባው ተነሥቶ ቀጠለ። ኪቦርድ ውስጡ እንዲሁ የተደራረበ ነው አለ። ከቁልፎቹ ሥር ስስ ፕላስቲኮች እንደ አነባበሮ ተነባብረዋል፤ መስመሮቹ የታተሙት እነሱ ላይ ነው። ሻይ በመሐላቸው ይሳባል፤ ኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው። አየር ግን እዚያ አይደርስም፣ ሞቀም ቀዘቀዘም። ውሃው በስንት ጊዜ ቢተን እንኳ ስኳሩ የትም አይሄድም። ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያም ሙጫ ይሆናል። ስታሞቀው ደግሞ ቶሎ ሙጫ ታደርገዋለህ። እህቴ ይህን አንብባ ክፍሉን ለቃ ወጣች።

መልስ 8። አንድ አባት ናቸው መሰለኝ፣ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረድተውታል። ሩዝ ስንት ቀን እንደሚቆይ የተጠየቀ መስሏቸው፣ ነቀዝ እንዳይገባበት በደንብ አድርቆ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል ብለው መከሩ። አመሰገንኳቸው። ምን ላድርግ?

መልስ 9 እና 10። ወሬው ከዚህ ተነሥቶ ሩዝ ስንት ገባ ወደሚለው ሄደ። አንዱ፣ የሰሜን ሸዋ ሰው ሆነህ ገብስ እያለልህ ሩዝ ውስጥ መክተትህ አገርህን መካድ ነው ሲል ቀለደ። ሌላው የምሩን ገብስ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 11። የገብሱን ቀልድ ወደ ቁም ነገር የቀየረችው አንዲት መምህርት ናት። ከልጆቿ ጋር ቤቷ ውስጥ ሞክራዋለች። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ለሁለት ቆርጣ እኩል ውሃ አጠጣችው። አንዱን ሩዝ ውስጥ ቀበረች፣ ሌላውን መደርደሪያ ላይ ሜዳውን ተወችው። በማግሥቱ ሁለቱንም በወጥ ቤት ሚዛን መዘነቻቸው። ሩዝ ውስጥ ያደረው ይበልጥ ከበደ። ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው ትላለች። ሩዝ ቀድሞም የክፍሉን እርጥበት ይዞ የተቀመጠ እህል ነው፤ ውሃ አይጠራም። የነካውን ጠብታ ሊስብ ይችላል፤ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከሩዙ ጋር አይገናኝም፣ በመሐል ፕላስቲክና ብረት አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሩዙ ዙሪያውን ከብቦ አየር ያፍናል። ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋ ትንሽ ከረጢትስ ብሎ አንዱ ጠየቃት። እሷ ከሩዝ ትሻላለች፣ ግን የደረቀውን ስኳር አትበላውም አለችው።

መልስ 12። የመጀመሪያው ጨዋ ሰው ተመለሰ፤ አሁን ጨዋነቱ ቀነስ ብሏል። ታዲያ ስልኬ እንዴት ተነሣ ብሎ ሞገተ። ባለሙያው፣ ስልክህን ሩዝ አላዳነውም፣ ሁለት ሌሊት ሳትነካው መተውህ ነው ያዳነው፤ ሩዝ ሳይኖርም ይነሣ ነበር አለው። ምንም አትለኝም፣ እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው የሚል መጣ። ሦስት መልስ ያህል እንዲህ ተናጨቁ። አልተግባቡም። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩ ሩዝ ሳይኖር ይነሣ እንደነበር ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

መልስ 16። እኔ ነኝ። ላፕቶፑን ከሩዙ እንዳወጣሁት፣ ክዳኑን የምከፍትበት ካቻቢቴ ግን እንደሌለኝ ጻፍኩ። እስከ ነገ እንዴት አድርጌ ላስቀምጠው?

መልስ 17። እንደ ድንኳን አቁመው የሚል መጣ። ከፍተህ ገልብጠው፤ ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ስክሪኑ በጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሎ። ሥሩ ፎጣ ይነጠፋል። ቶሎ ከሆነ ሻዩ በመጣበት መንገድ ይመለሳል።

መልስ 18። አይገለበጥም የሚል ደግሞ ወዲያው ተነሣ። አንዳንድ ላፕቶፕ ኪቦርዱ ሥር ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው። ፈሳሹ በሆዱ በኩል እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ እሱን መገልበጥ የሚወጣውን መመለስ ነው። ትክክል ነው፤ እንዲህ ያሉ አሉ። ሆዱ ላይ ትንሽ የጠብታ ምልክት ያለበት ቀዳዳ ይታያል። የኔ ላይ የለም። ስለሌለው ላፕቶፕ ግን ሁለቱ ተከራክረው ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ። አንዱ፣ ሲገለበጥ በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪን ይወርዳል ይላል። ሌላው፣ ማዘርቦርዱ ከሚበላሽ ስክሪኑ ይሻላል ይላል። ባለሙያው በሁለቱ መሐል አልገባም። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ብትገለብጠውም ባትገለብጠውም ለውጥ የለውም፣ ሻዩ ደርቋል ብሎኝ ሄደ።

መልስ 21። ከሰል ምድጃ አጠገብ አድርገው ያለኝም ነበር። ባትሪው ውስጡ ያለ ዕቃ እሳት ዳር! ሰባት ሰው ተረባርቦበት መልሱን አጠፋው።

መልስ 22። እዚህ ላይ ከመሐል ሜዳ አንዲት ሴት ጽፋለች፤ ታሪኳ ከኔ ይከብዳል። እሷ ላይ የፈሰሰው ወተት ነው። በአቅራቢያዋ የሚከፍትላት ሰው አልነበረም። ላፕቶፑን አጥፍታ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ደብረ ብርሃን የምትወርድበትን ቀን ጠበቀች። ዘጠኝ ቀን። ሲከፈት የወተቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ማዘርቦርዱ ላይ በባትሪው መሰኪያ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ አንዱ የመሰኪያ እግር ጭራሽ የለም። ላፕቶፑ አልተነሣም። ሃርድ ዲስኩ ግን ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ሲነበብ የተማሪዎቿ ውጤት በሙሉ ወጣ። ስለዚህ ለኔ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ ላፕቶፑን ለማብራት ከመቸኮልህ በፊት ጽሑፍህን አውጣ።

መልስ 23። ባለሙያው እሷን እህቴ ብሎ ጀመረ፤ እስከዚያ ማንንም እንዲህ አላለም። የሷ ዓይነት ቦታ ላለ ሰው፣ ትንሿን የሞባይል ካቻቢቴ ቤት ማስቀመጥ ከምንም ይሻላል አለ። የሆዱን ክዳን ከፍቶ የባትሪውን መሰኪያ በጥፍር መንቀል ብቻ ቢቻል፣ ዘጠኙ ቀን ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ባትሪውን ራሱን በብረት መጎርጎር ግን አይሞከርም።

መልስ 24። የተጠበቀው ሰው መጣ፦ በአረቄ ቢታጠብስ? የደብረ ብርሃን አረቄ ስንት ዝገት አይቶ ያውቃል የሚል ቀልድ ጨመረበት። ብዙ ሰው ሳቀ፤ ሁለት ሰው የጓዳቸውን አረቄ አሞገሱ።

መልስ 27። ባለሙያው አልሳቀም፤ ግን ሐሳቡ ግማሽ ልክ ነው አለ። አልኮል ይጠቅማል፣ ውሃን ይዞ ቶሎ ይተናል። አረቄ ግን ሲበዛ ውሃ አለበት፣ ሌላም ነገር አለበት። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ከመቶ የሆነው ደግሞ ከአረቄው ይሻላል፤ ቢሆንም ቀሪው 30 ውሃ ስለሆነ ማድረቁ ይረዝማል። እሱ የሚጠቀመው ከ90 በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ነው። ከዚያ ብዙዎቻችን ያልጠበቅነውን ተናገረ። ስኳር በአልኮል አይሟሟም ማለት ይቻላል። ጣፋጭ ሻይ የፈሰሰበትን ማዘርቦርድ በአልኮል ብቻ ስትፈትገው ሙጫውን ከቦታ ቦታ ታንቀሳቅሰዋለህ እንጂ አታነሣውም። ስኳር የሚሟሟው በውሃ ነው።

ስለዚህ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ፣ ማዘርቦርዱ ወጥቶ፣ ስኳር ያለበት ቦታ መጀመሪያ በባትሪ ውሃ ይታጠባል፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ፣ መለዋወጫ ቤት የሚገኘው ማለት ነው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ከዚያ አልኮሉ ውሃውን ያስወጣል። የባትሪ ውሃ እንጂ የባትሪ አሲድ እንዳትገዙ ብሎ አስጠነቀቀ፤ አንዳንድ ቦታ በተመሳሳይ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚቀመጡት። አልኮል ባለበት ደግሞ እሳት የለም፣ ሲጋራም የለም።

መልስ 28። ውሃ የገባበትን ዕቃ በውሃ ማጠብ ብሎ አንዱ ተሳለቀ። ቴክኒሻን ነኝ ባይ ሁሉ አለ። ባለሙያው አልመለሰለትም። መምህርቷ ግን መለሰችለት፤ መልስ 4ን ሳታነብ ነው የጻፍከው አለችው። እኔም በሆዴ እሰይ አልኩ።

መልስ 33። የኔ ሪፖርት ነው። በሦስተኛው ቀን ከተማችን ውስጥ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ አስከፈትኩት፤ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ክዳኑን የያዙት 11 ብሎኖች ናቸው። ሲነሣ በግራ በኩል፣ ከ`A` እና ከ`Shift` ሥር በሚሆነው ቦታ፣ ቡናማ ነገር ማዘርቦርዱ ላይ ተነጥፏል። ልጁ በጥርስ መጎርጎሪያ ነካው፤ እንደ ማር ተሳበ። የኪቦርዱ ጠፍጣፋ ገመድ የሚሰካበት ቦታ ላይ ሁለት እግሮች አረንጓዴ ሆነዋል። አጠገባቸው የተለጠፈች ትንሽ ነጭ ክብ ወረቀት ጠርዟ ወደ ቀይ ሄዷል። እርጥበት ሲነካት ቀለም እንድትቀይር ነው የተለጠፈችው አለኝ። ማራገቢያው ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። የምን ዱቄት እንደሆነ ጠየቀኝ። የሩዝ ነው አልኩት፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

ኤስኤስዲውን አስቀድመን ነቅለን በሌላ ኮምፒውተር ገለበጥነው። መመረቂያ ጽሑፉ ሙሉ ነው፤ ያቺ በሁለት ደቂቃ የጨረስኳት አንቀጽም አለች። ሳነባት የማትረባ ናት። ማዘርቦርዱ በባትሪ ውሃ፣ ከዚያ በአልኮል ታጠበ። ኪቦርዱን ግን ማዳን አልተቻለም። ተቀየረ።

መልስ 34። ከታጠበ በኋላ ስንት ጊዜ ይደር በሚለው ላይ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። የሸዋ ሮቢቱ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃል አለ። ባለሙያው በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ቀን ካልሆነ አላበራም አለ፤ ከጥላ ሥር፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል። መምህርቷ ሁለታችሁም ለየአገራችሁ ልክ ናችሁ ብላ ልታስታርቃቸው ሞከረች። የኔን ሁለት ቀን አቆዩት።

መልስ 38። የመጨረሻዬ ነው። ተነሣ። በግራ በኩል ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን አይሠራም። ልጁ በመብራት ሲያየው ውስጡ አንድ የሩዝ ፍሬ ተቀርቅሮ ነበር፤ ሻይ ጠጥቶ አብጧል። በመቆንጠጫ አወጣው። ቀዳዳው አሁንም አይሠራም። ቀዳዳውን የገደለው ሻዩ ነው ወይስ ሩዙ ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 39። ባለሙያው የውስጡን ፎቶ ላክ አለ።

መልስ 40። የመጀመሪያው ሰው፣ ሩዙ ሊሆን አይችልም አለ።

መልስ 41። የነቀዙ አባት፣ የቀረውን ሩዝ ምን አደረጋችሁት ብለው ጠየቁ። እናቴ ለዶሮዎቹ በትናዋለች።